ሳይነካ የደረሰው ደመወዝ

በእኛ ዘር የወር ደመወዝ የበላ የመጀመሪያው ሰው አባቴ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ወይ አራሽ ወይ ቀዳሽ ነበሩ። እሱ ራሱ የድጓ ሰው ነበር። ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ ደብር እያገለገለ፣ ለአገልግሎቱ በተሰጠችው የቤተ ክርስቲያን መሬት እንኖር ነበር። አብዮቱ መጣና መሬት ለአራሹ ተባለ፤ የእኛዋም ለሚያርሳት ሰው ሆነች። አባቴ በዚህ አልተጣላም። «ያረሳት እሱ፣ የበላኋት እኔ። ምን አፍ አለኝ?» አለ። እናቴ ግን አፍ ነበራት፤ እኔም የወረስኩት ከእሷ ነው።

እንግዲህ መካነ ሰላም ገባን፤ አንዲት ክፍል ተከራየን። በዚያ ሰሞን በየቦታው ማኅበር ሲቋቋም ደብዳቤው ስለበዛ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ጽሑፉ የሚነበብ ሰው ይፈልግ ነበር። የአባቴ እጅ ብራና ላይ የተገራ ነው። መዝገብ ቤት ቀጠሩት። ሥራው የገባውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ የወጣውንም እንደዚያው ማድረግ ነበር። ደመወዙ አምሳ ብር ሆኖ ለስድስት ወር በሙከራ ላይ ነው ተባለ። አምሳ ብር! እናቴ ሦስት ጊዜ አስደግማ ጠየቀችው።

አሁን ስለ እህቴ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሷ ጋ ነውና።

ከአብዮቱ በፊት፣ በክፉው የረሃብ ቀን፣ የሚሸጠው ሁሉ ተሸጦ ሲያልቅ፣ ደሴ እህል ይታደላል ሲባል ሰምተን አራታችን በእግር ወጣን። እኔ ስምንት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ኩታበር ላይ እኔ መራመድ አቃተኝ። አንዲት እህል ነጋዴ ሴት ደጇ ላይ ወድቀን አየችንና ንፍሮ ሰጠችን፤ ጓዳዋም አሳደረችን። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን ሁልጊዜ እናገራለሁ። በሦስተኛው ቀን ለእናቴ «ትልቋን ተዉልኝ። ከእኔ ጋር ትብላ፣ ታግዘኝ። ሲያልፍላችሁ መጥታችሁ ትወስዷታላችሁ» አለቻት። እናቴ እሺም እምቢም አላለችም። እሺ ያለው አባቴ ነው። እህቴ አላለቀሰችም። ነጠላዬን አስተካክላ አለበሰችኝና «ቶሎ ኑ እሺ?» አለችኝ፣ የምወስነው እኔ ይመስል።

ዝናቡ መጣ፣ እኛም ተመለስን፣ ኖርን። እኔ ግን ያለ እሷ መተኛት አልችልበትም ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ ጀርባዬ እሷ ሆድ ላይ ተለጥፎ ነው ያደግኩት። መደቡ ላይ ስተኛ ቦታዋን እተውላት ነበር። እናቴ አንድ ቀን ይህን አይታ ያንን ቦታ ብርድ ልብስ አለበሰችው። የሚያስቅ ነገር ሲገጥመኝ ለእሷ የምነግራት ብዬ አስቀምጣለሁ። የዶሮውን፣ የጎረቤታችንን ጠብ፣ የጥርሴን መውለቅ፣ ሁሉንም። ናፍቆት ሆድ ይቆርጣል ሲሉ ለወግ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እውነትም ይቆርጣል።

አባቴ ለእናቱ ለአያቴ እውነቱን አልነገራትም። አያቴ እዚያው አገር ቤት ከታላቅ ወንድሙ ጋር ትኖር ነበር። «ልጅቷ ኩታበር የእናቷ ዘመድ ቤት ናት፣ ትምህርት ገብታለች» ብሎ ነው የነገራት። ልጁን ለእህል ብሎ የተወ ካህን መባልን ፈራ። ስንቱ በዚያ ቀን ያንኑ አድርጓል! ግን ሁሉም ደብቆ ነው ያደረገው።

ከኩታበር ወዲህ የሚመላለስ አንድ ጨው ነጋዴ እስላም ነበር፤ ወሬዋን የሚያመጣልን እሱ ነው። «አብሽሩ፣ አፊያ ናት፣ አድጋለች» ይለናል። አባቴ መዝገብ ቤት በገባ በሦስተኛው ወር፣ ኅዳር ሲያልቅ፣ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ንግዱ ስላልሆነላት ቤቷን ዘግታ አዲስ አበባ ልትገባ ነው። ገናን የምትውለው እዚያ ነው። «አባቷ ከዚያ በፊት ከመጣ ልጁ ናት፣ ይውሰዳት። ካልመጣ ግን ሜዳ ላይ አልጥላትም፣ ይዣት እሄዳለሁ ብላለች» አለን።

አዲስ አበባ ለእኛ ያኔ ባሕር ማለት ነው። የገባ አይገኝም።

እናቴ «ነገውኑ ሂድ» አለች። አባቴ ግን በምን ይሂድ? የሦስት ወር ደመወዙን አላየውም። የቅጥሩ ደብዳቤ ደሴ ሄዶ፣ ፈቃዱ ተመልሶ፣ ስሙ መክፈያው ላይ እስኪገባ ድረስ ለአዲስ ሠራተኛ አይከፈልም። እስከዚያ የምንበላው ከባለሱቁ በዱቤ ነበር። ደግሞስ ሁለት ዓመት ተኩል ልጅህን ያበላች ሴት በባዶ እጅ ‹አምጪ› ትባላለች? ቢያንስ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ማሰሮ ማር ይዞ፣ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብሎ ነው። እናቴ የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋለች፤ እሷም መሄድ አትችልም።

ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ፣ አርብ ቀን፣ ገንዘብ ያዡ ብረት ሳጥን ይዞ፣ ከአንድ ፖሊስ ጋር በጭነት መኪና ከደሴ መጣ። እናቴ ወደ አባቴ መሥሪያ ቤት ላከችኝ። «አጠገቡ ቁሚ፣ ለለመነው ሁሉ እንዳይሰጥ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አባቴ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም።

ሠራተኛው በረንዳው ላይ ተሰልፎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ወረቀት ተዘርግቷል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር፣ በመስመሩ ላይ ስሙ፣ ደመወዙ፣ ለጡረታ የሚቆረጠው፣ የተጣራው፣ መጨረሻ ላይ መፈረሚያው። የአባቴ ተራ ሲደርስ ገንዘብ ያዡ አነበበለት። በወር አምሳ፣ ሦስት ወር መቶ አምሳ። ጡረታ ከመቶ አራት፣ ስድስት ብር። ከአምሳ ብር ደመወዝ ግብር አይቆረጥም። የተጣራ መቶ አርባ አራት። «ፈርም» አለው። አባቴ እርሳሱን ሳይሆን ብዕሩን መረጠ። የራሱን ስም፣ ያባቱን፣ ያያቱን፣ በቁም ጽሑፍ፣ እያንዳንዱን ፊደል እያሳመረ ጻፈ። ስሙ መፈረሚያውን ሞልቶ ከሥሩ ወዳለው የዘበኛው መስመር ወረደ። ገንዘብ ያዡ «ፊርማ እኮ ነው ያልኩህ፣ ገድል ጻፍ አላልኩህም» ሲለው ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ዘበኛው ምስኪን አውራ ጣቱን የቅድመ አያታችን ስም ላይ ነው ያተመው።

ከዚያ ገንዘብ ያዡን ያመጣው የመኪና ሾፌር ማክሰኞ ጧት ባዶውን ወደ ደሴ እንደሚመለስ ለአባቴ ነገረው፤ በሦስት ብር ኩታበር ላይ ሊያወርደው ተስማሙ። አለቃውም የአሥር ቀን ፈቃድ ፈቀደለት። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ፈቃድ አይጠይቅም» አለው። ሁሉም ነገር ተሳካ። ወደ ቤት ስንሄድ እኔ እየዘለልኩ ነበር፣ ምክንያቱም ማክሰኞ ማለት ከአራት ቀን በኋላ ማለት ነው።

ቤት ገብተን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበሩ ስትገባ፣ አባቴ ገንዘቡን መደቡ ላይ በነጠላው ጫፍ ዘረጋው። መጀመሪያ አስራት ለየ። እዚያ ላይ ተቸገረ። አስራቱ ከመቶ አርባ አራቱ ነው ወይስ ከመቶ አምሳው? ጡረታው የእኔ ነው ወይስ የመንግሥት? አሰበ፣ አሰበና «ከእግዜር ጋር በሳንቲም አልከራከርም» ብሎ አሥራ አምስት ብር ሙሉ አስቀመጠ። ቀጥሎ የእህቴን ለየ። የመሄጃና የመመለሻ የመኪና፣ የመንገድ ስንቅ፣ ለሴትዮዋ ቀሚስና ማር፣ ለእህቴ ልብስና ጫማ፤ አርባ አምስት ብር ሆነ። ለባለሱቁ ሃያ ሁለት። ለሚቀጥለው ወር እህል አርባ። እናቱን ለሚጦር ወንድሙ አሥር። ለእናቱ ነጠላ አሥር። ሁለት ብር ቀረ፤ እሱ ለእኔ ደብተርና እርሳስ፣ ለቤቱ ጋዝ ሆነ። ለራሱ ምንም። እናቴ «ልብስህን አላየኸውም?» ብትለው፣ «መዝገብ ቤት ማን ያየኛል» አለ።

እንዴት ያለ አከፋፈል ነበር! እስከ ዛሬ እንዲህ ልክክ ያለ አከፋፈል አላየሁም። እኔ ዓይኔ አርባ አምስቱ ላይ ነበር። ያ ክምር እህቴ ነበረች።

ከዚያ አባቴ ሁሉንም መልሶ አንድ ላይ ሰበሰበው።

«ምን ሆንክ?» አለች እናቴ።

«መጀመሪያ እናቴ እጅ ላይ ይረፍ። ትመርቀው።»

ይህ የታወቀ ነው። ልጅ የመጀመሪያ ገንዘቡን ሳይነካ ወላጁ እጅ ላይ ያኖራል። ወላጅ ይመርቅበታል፣ እፍ ይልበታል፣ አንድ ሁለት ብር ወስዶ ሌላውን ይመልሳል። ሳይመረቅ የተነካ ደመወዝ አይበረክትም ይባላል። ማንም ይህን ያደርጋል፣ ማንም አልተጎዳበትም።

«የልጄን አርባ አምስት እዚህ ተወው» አለችው እናቴ።

«የተሸረፈ አይመረቅም።»

እናቴ አፍ አላት ብያችኋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልተከራከረችም። እንዲያውም «ይሁን፤ ምርቃቱ ለመንገዱም ይሆነናል» አለች። ስለዚህ አባቴን ብቻ አልወቅስም። ሁላችንም አምነንበት ነው የላክነው።

አባቴና እኔ ቅዳሜ ሄደን፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አያቴ ቤት ገባን። አጎቴ ነበረ፣ የአያቴ የንስሐ አባት ነበሩ፣ ደመወዝ የሚባለውን ሊያዩ የመጡ ጎረቤቶችም ነበሩ። አባቴ ተንበርክኮ የእናቱን ጉልበት ሳመ፤ መቶ አርባ አራቱን ብር በሁለት መዳፏ ላይ አኖረው። «እምዬ፣ ይኸው። ይመርቁኝ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

አያቴ ያን ያህል ብር በእጇ ይዛ አታውቅም። አየችው፣ አየችው፣ እንባዋ ወረደ። መረቀችው። ረዥም ምርቃት ነበር፤ ካህኑም እየተቀበሉ አሜን አሉ። ሲያልቅ፣ አባቴ እንደተንበረከከ ሲጠብቅ፣ እሷ ገንዘቡን መቀነቷ ውስጥ አስገብታ ቋጠረችው። ወደ ሰዉ ዞራ «ሰማችሁ ወይ? የባለቤቴ ተዝካር ደረሰ። ልጄ አባቱን አልረሳም» አለች።

አያቴ በክፉው ቀን ባሏን ንፍሮ እንኳ ሳታቀርብ ነው የቀበረችው። ሰው አልተጠራ፣ እንጀራ አልተቆረሰ፣ በሰሌን ጠቅልለው ቀበሩት። ከዚያ ወዲያ ቀና ብላ ጎረቤት መሃል አልተቀመጠችም ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤቱ እልል አለ። የንስሐ አባትየው እዚያው ቀኑን ቆረጡ፤ ጾም ስለሆነ በጾም ምግብ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ።

አባቴን አየሁት። አፉን ከፈተ። ንገራት፣ አሁን ንገራት፣ አልኩ በልቤ። አፉን ዘጋና «ደስ ይበልዎት» አለ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ከኋላው እየሄድኩ አለቀስኩ። በመጨረሻ «አፍ የለህም?» አልኩት። አባቴን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም፤ በሌላ ቀን ይገርፈኝ ነበር። እሱ ግን ዞር ሳይል «እናት እጅ የገባ አይወጣም፣ ልጄ። ምርቃቱን መልሼ እርግማን ላድርገው?» አለኝ። የሚገርመው አያቴ አንድም ብር መልሳ አለመስጠቷ ነው። ሰው ፊት ነበረችና፣ ሰው ፊት የተባለ ነገር ሥራ ይሆናል።

እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም። ሕፃኑን እያጠባች ግድግዳውን ታይ ነበር። ማታውን አባቴ ባለሱቁን ሄዶ ለመነ፤ ባለሱቁ ደመወዝ እንደተከፈለ ሰምቷል፣ ያለፈውን ሃያ ሁለት ብር ነው የጠየቀው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን ጠየቀ፤ አምስት ብር አዋጡለት። በአምስት ብር መሄድ ይቻል ነበር፣ መመለስ ግን አይቻልም። እናቴ «ሂድ፣ እዚያ ለምነህ ተመለስ» አለችው። «ልጄን ከለማኝ አባት ጋር ላምጣት?» አላት። ማክሰኞ ጧት መኪናው ሲያልፍ በር ላይ ቆሜ አየሁት። መጫኛው ላይ ማንም አልነበረም።

ተዝካሩ ተደገሰ። ድግሱም ጥሩ ነበር፤ ይህን ብዋሽ ይቆጠርብኛል። ምስሩ፣ የኑግ ዘይት የፈሰሰበት ሽሮው፣ ጠላው። ረሃቡን የተረፈው መንደር ሁሉ እስኪጠግብ በላ። አባቴ ራሱ ፍትሐቱን ከካህናቱ ጋር ቆሞ አዜመ፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰዉ ለአባቱ ያለቀሰ መሰለው። እኔም በላሁ። አልበላም ብዬ ምዬ ነበር፣ ግን ራበኝ፣ ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ። በላሁና ከቤቱ ጀርባ ሄጄ እህቴን ይቅርታ ጠየቅኳት።

የሚቀጥለው ደመወዝ ጥር ሲጋመስ ነው የመጣው። አርባ ስምንት ብር። አባቴ ለማንም ሳያሳይ፣ ሁለተኛ ፈቃድ ለምኖ፣ ቀሚሱንና ማሩን ገዝቶ ሄደ። ቤቱ ተዘግቶ ነበር። የጎረቤቷ ሴት «ገና ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ሄዱ። ልጅቷ ከኅዳር ጀምሮ በየቀኑ መንገድ ዳር እየወጣች መኪና ታይ ነበር። ‹አባቴ ደመወዝ ሊበላ ነው፣ ሊመጣ ነው› ትለን ነበር» አለችው። ጨው ነጋዴው ነግሯት ኖሯል። አዲስ አበባ የት እንደገቡ የሚያውቅ አልነበረም። ቀሚሱን ይዞት ተመለሰ፤ እናቴ አልለበሰችውም፣ አልሸጠችውምም።

ፈለግን። ሬዲዮ ላይ አስነገርን፤ ለሄደ ሁሉ አደራ አልን፤ እኔም ትልቅ ሆኜ አዲስ አበባ ስሄድ እህል በረንዳውን በር በበር ዞርኩት። እስከ ዛሬ ድረስ በዕድሜዋ ያለች ሴት እንደ እሷ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ስትሄድ ካየሁ እከተላለሁ። አንድ ጊዜ አንዷ ዞራ ሰደበችኝ።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ክረምቱን አያቴ ጋ ከረምኩ። አንድ ቀን ባቄላ እየፈለፈልን ያንን ተዝካር ታነሳ ጀመር። «የልጄ የመጀመሪያ ደመወዝ» እያለች። ሰባተኛ ጊዜዋ ይሆናል። ደሜ ፈላ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዘመድ ቤት እንዳልነበረች፣ ትምህርት እንዳልገባች፣ አርባ አምስቱ ብር የምን እንደነበር፣ ማክሰኞ የሄደውን ባዶ መኪና።

አያቴ ባቄላውን አስቀመጠች።

«እኔ እኮ ተዝካር ያልኩት እሱ ዝም ቢል ጊዜ ነው» አለች። «እጄ ላይ አኖረና ዝም አለ። ምን ልበል ብዬ አሰብኩ፤ አባቱን ይሆናል አልኩ። ‹ለልጅቷ ነው› ቢለኝ እዚያው ሰው ፊት እመልስለት ነበር። ሙት ይጠብቃል። ለምን አልነገረኝም?» ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በዚያው ዓመት ሞተች፣ ተዝካርም አይውጣልኝ ብላ።

አባቴ ዕድሜ ልኩን ያንን እሑድ ሲያነሳ «እናቴን እንዴት እምቢ እላለሁ» ይል ነበር። የሚይዘው ያች ነገር ብቻ ነበረችው። ጡረታ ወጥቶ፣ ታሞ የተኛ ጊዜ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ሆነን ጠራኝ።

«አንቺ እውነት ትናገሪያለሽ፣ አትፈሪም» አለኝ። «ያኔ ብጠይቃት፣ እናቴ ትመልስልኝ ነበር?»

ዓይኑን አየሁት።

«አትመልስልህም ነበር፣ አባዬ» አልኩት።

«እኔም እንደሱ ብዬ ነው» አለና እጄን ይዞ ተኛ።